ዓለም ገና ላይ የጠፋው ገበያ ሳይሆን ጠያቂ ነው

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ዓለም ገና የደረሰ ሰው፣ የቡታጅራው መንገድ ከሚገነጠልበት መጋጠሚያ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ይመልከት። ቡቲክ፣ የሞባይል መሸጫ፣ ካፌ፣ የግንባታ ዕቃ፣ እንደገና ቡቲክ፣ እንደገና የሞባይል መሸጫ። የሞባይል መሸጫዎቹ መስታወት ውስጥ የተደረደረው ከቨር፣ ቻርጀርና ኢርፎን ሁሉም ቤት አንድ ነው። ባለቤቶቹ ስለ ሥራ ሲጠየቁም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገበያ የለም።»

ገበያ የለም የሚለው ሰው ግን ሱቁን ሲከፍት ምን ብሎ ጠየቀ? አብዛኛው የጠየቀው «ጎረቤቴ ምን እየሸጠ ነው?» ብሎ ነው። ጎረቤቱ ከቨር ሲሸጥ አየ፣ ከቨር አመጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ውድድር በዋጋ ብቻ ነው። በዋጋ ደግሞ ትንሽ ሱቅ ጅምላ አስመጪውን አያሸንፍም። ጥያቄው ከመጀመሪያው ስለተሳሳተ መልሱም ተሳሳተ።

ለትንሽ ነጋዴ የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ትልልቆቹ ድርጅቶች ዕቃቸውንና አገልግሎታቸውን ሲሠሩ የትኛውን ትንሽ ቡድን ረሱት? ለምንስ ረሱት?» የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ይበልጣል። ትልቁ ድርጅት ቡድኑን የረሳው ባለማወቅ ብቻ ከሆነ ነገ ያስታውሰዋል። የረሳው አሠራሩ ስለማይፈቅድለት ከሆነ ግን ያ ቦታ ለትንሹ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ ዓለም ገና ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው መንገድ ትንሽ ወረድ ቢባል ሰበታ ይደረሳል። ሰበታ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ ትምህርት ቤትና ከመሰሎቹ የወጡ ዓይነ ስውራን ዛሬ መምህራን፣ ጠበቆች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝ ያገኛሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ስልክ ይይዛሉ። በዚያ መንገድ ላይ ስልክ ከሚሸጡት ሱቆች ውስጥ ግን ዓይነ ስውር ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ነገሩ እንዲታይ አንድ መምህር ይታሰብ። ደመወዙ በባንክ ይገባለታል። ቅርንጫፍ ሲሄድ «ፊርማህ አይመሳሰልም፣ ምስክር ይዘህ ና» ይባላል። ስለዚህ በስልክ መጠቀም ይሻላል ብሎ የባንኩን መተግበሪያ ይከፍታል። ስልኩ ላይ ያለው ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ አንደኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ «ቁልፍ፣ ስም የለውም» ይላል። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። መተግበሪያውን የሠራው ሰው ለዓይን የሚያምር ሥዕል አስቀምጦ በጀርባው ስም አልጻፈለትም። «ላክ» የሚለውን ከ«ሰርዝ» ለመለየት መገመት ሊኖርበት ነው፤ በደመወዝ ደግሞ ግምት አይሠራም። የይለፍ ቁጥር ማስገቢያው አኃዞቹን በየጊዜው የሚያዘዋውር ከሆነ፣ ወይም ፊትን በካሜራ መሀል ማስተካከል የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ እንቅፋት ይጨመራል።

መምህሩ በመጨረሻ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለሥራ ባልደረባው ይሰጣል። የይለፍ ቁጥሩንም ይነግረዋል። ልጁ ይልክለታል፣ «ተልኳል» ይለዋል፣ መምህሩም ያምናል። ስንት እንደተላከ፣ ስንት እንደቀረ የሚያውቀው በሰው አፍ ነው።

ገበያ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት ይህንን ነው። ሰዎችን «ይህ አገልግሎት ቢኖር ትገዙታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅም፤ ሰው ለጨዋነት ሲል «አዎ» ይላል። የሚታመነው ምልክት ሰዎች ለችግሩ አሁን የሚከፍሉት ዋጋ ነው። የይለፍ ቁጥሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠ ሰው ትልቅ ዋጋ እየከፈለ ነው፤ ምሥጢሩን፣ ነፃነቱን፣ አንዳንዴም ገንዘቡን። እንዲህ ዓይነት የጭንቅ ዘዴ በተደጋጋሚ የሚታይበት ቦታ ትልቁ ድርጅት ያልሸፈነው ቦታ ነው። ዘዴ የሌለበት ቦታ ግን ችግሩ ያን ያህል አልጠናም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ለምን ረሱት?» የሚለው ነው። ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የታሰበው ለሚሊዮኖች ነው፤ ተጠቃሚውም በአስር ሚሊዮኖች ተቆጠረ። እንዲህ ዓይነት ድርጅት ውስጥ አንድ ለውጥ የሚመዘነው ስንት ሰው ይነካል ተብሎ ነው። ለጥቂት ሺህ ሰዎች የሚደረግ ማስተካከያ ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል። ተራው ደርሶ ቢስተካከል እንኳ በሚቀጥለው ማሻሻያ አዲስ ገጽ ሲጨመር ቁልፎቹ እንደገና ስም ያጣሉ፤ ምክንያቱም ከሠራተኞቹ መሀል ስክሪኑን አጥፍቶ የሚሞክር ሰው የለም። የቅርንጫፍ ሠራተኛም አንድ ደንበኛን ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሊያስተምር አይችልም፤ ከኋላው ሰልፍ አለ። ትልቅነቱ ራሱ ነው ያሰረው።

ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም፤ በዓለም ላይ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ቴድ ሄንተር የሚባል አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ። ከዚያ ኮምፒውተር ተማረ። የኮምፒውተር ኩባንያዎቹ ስክሪኑን ለሚያይ ሰው እንጂ ለማያይ ሰው አልሠሩትም ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከአጋሩ ጋር ጆውስ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ለገበያ አቀረበ። ገዢዎቹ ከጠቅላላው የኮምፒውተር ተጠቃሚ ጋር ሲነጻጸሩ እፍኝ አይሞሉም። ግን ያለዚያ ፕሮግራም ሥራ መሥራት አይችሉም። ስለዚህ እነሱም ሆኑ ቀጣሪዎቻቸው አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ይከፍሉ ነበር።

ጆውስ ሲያድግ እሱም በተራው የሚረሳው ሰው ተፈጠረ፤ አንድ ሺህ ዶላር የሌለው ዓይነ ስውር። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ወጣት ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ስክሪን አንባቢ መሥራት ጀመረ። እንደሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው ጄምስ ቴህም አብሮት ገባ። ሥራው የቆመው በልገሳና በድጋፍ ነው። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ናሬተር የሚባለውን የራሱን አንባቢ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስገብቷል። ሆኖም ዓይነ ስውራኑ ለብዙ ዓመታት የሙጥኝ ያሉት ጆውስንና ኤንቪዲኤን ነው። ትልቁ ኩባንያ ዕቃውን በነፃ እየሰጠ ትንንሾቹ ያልጠፉት፣ ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ስለነበሩ ነው። የትኛው ገጽ ላይ እንደሚደናቀፉ ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም።

እዚህ ላይ ግን ሦስተኛ ታሪክ አለ፤ እሱን የሚደብቅ ሰው አታላይ ነው። በድሮዎቹ የኖኪያ ስማርት ስልኮች ዘመን ለዓይነ ስውራን ስክሪን አንባቢ የሚሸጡ ትንንሽ ኩባንያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አፕል በአይፎን 3ጂኤስ ላይ ቮይስኦቨርን አብሮ አስገባ፤ አንድሮይድም በዚያው ዓመት ቶክባክን አመጣ። ያ ገበያ ከኖኪያ ጋር አብሮ ሟሟ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ድርጅት አንዴ ጽፎ ለዓለም ሁሉ ሊያሰራጭ በሚችለው ነገር ላይ መቆም አደገኛ ነው። ደህና የሚሆነው ትልቁ ድርጅት በአንድ ቁልፍ ሊያሰራጨው የማይችለው ነው፤ ቋንቋው፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማስተማሩ፣ የአካባቢውን መተግበሪያ አንድ በአንድ መፈተሹ።

ወደ ዓለም ገና ሲመለስ፣ ያ ከከቨር ሌላ የማይሸጠው ሱቅ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

በመጀመሪያ ራሱን ይፈትን። የአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቶክባክን ያብራ። ጣቱን ወደ ቀኝ ጠረግ ሲያደርግ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርግ ይከፈታል። ከዚያ ዓይኑን በሻሽ አስሮ አሥር ብር ለጓደኛው ይላክ። የቆመበትን ቦታ ሁሉ በቁጥር ይያዝ። ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሚገኘው ዝርዝር ግን ብዙዎቹ ባንኮች በእጃቸው የሌለ ሰነድ ነው። እሱ እንኳ ገና ጅምር ነው፤ ዓይኑን ለአንድ ከሰዓት ያሰረና ዕድሜ ልኩን ያላየ ሰው እኩል አይሰሙም። ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ ከሰበታ የወጣ፣ ስልክ የሚችል ዓይነ ስውር ወጣት በሸሪክነት መያዝ ነው። የሚያዝነው ለወጣቱ ተብሎ አይደለም፤ ያለ እሱ ሥራው ስለማይሠራ ነው።

ሦስተኛው ስልኩን ማዘጋጀት ነው። ቶክባክ ከስልኩ ጋር ይመጣል፤ አማርኛ እንዲያነብ ግን አማርኛ የሚናገር የድምፅ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። በነፃ የሚገኘው eSpeak NG አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ደረቅ ነው፤ የለመደው ሰው ግን በፍጥነት ያደምጠዋል። ችግሩ የሚጀምረው የባንክ መልእክት ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቀሉ ነው። ለየትኛው ቋንቋ የትኛው ድምፅ እንደሚሻል፣ ፍጥነቱ ምን ያህል ቢሆን እንደሚሰማ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እየሞከሩ ማስተካከል ይጠይቃል። ኢርፎኑም ለጌጥ አይደለም፤ ያለ እሱ ቶክባክ የሚያነበውን ሒሳብ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል።

አራተኛው ማስተማር ነው። መተግበሪያው እምቢ ያለበት ቦታ `*127#` ደውሎ በቴሌብር የጽሑፍ ዝርዝር መጠቀም ይቻላል፤ ጽሑፍ ስለሆነ ስክሪን አንባቢ ያነበዋል። ነገር ግን ገጹ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ስክሪን አንባቢው ዝርዝሩን አንብቦ ሳይጨርስ ገጹ ይዘጋል። ስለዚህ ደንበኛው የሚፈልገው ምርጫ ስንተኛ ቁጥር እንደሆነ በቃሉ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ከመጀመሪያው እየሰማ ሳይሆን ቀጥታ ቁጥሩን እንዲመታ። ዝርዝሩ ሲቀየር ደግሞ ሱቁ ለደንበኞቹ በድምፅ መልእክት ያሳውቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ደንበኛው ግን ዓመት እስከ ዓመት የሚመለሰው ለዚች ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ዓይነ ስውራን» ብሎ ጠቅልሎ መቁጠር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ትምህርት ቤት ያለው ሕፃን ተጠቃሚ ይሆናል እንጂ ከፋይ አይደለም። ለምኖ የሚያድረውም አይከፍልም። ከፋዩ ደመወዝ ያለው፣ ስማርት ስልክ ያለው፣ ገንዘቡን በራሱ እጅ ማዘዝ የሚፈልግ ነው። እሱን ማግኘት ማስታወቂያ አይፈልግም፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አለ፣ የድሮ ተማሪዎች እርስ በርስ ይደዋወላሉ። አንዱ ከረካ ወሬው በአንድ ሳምንት አሥሩ ጋ ይደርሳል፤ አንዱ ከተታለለም እንዲሁ።

ለግምት ያህል ሱቁ ስልክ ለማዘጋጀትና በሁለት ቀጠሮ ለማስተማር 1,500 ብር ያስከፍል። በወር አሥር ሰው ቢመጣ 15,000 ብር ነው። ለሸሪኩ ድርሻ፣ ለትራንስፖርትና ለኪራይ ሲወጣለት ብዙ አይተርፍም። ይህን አይቶ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚል ይኖራል። ተሳስቷል፤ ግን ግማሽ እውነት ይዟል። ይህ ክፍያ ብቻውን ሀብት አያመጣም። የሚያመጣው እውቀት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሱቁ ስድሳ ያህል ሰዎች በየትኛው መተግበሪያ፣ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ቁልፍ ላይ እንደቆሙ ያውቃል።

ለዚያ እውቀት ሁለተኛ ከፋይ አለ፤ ባንኮቹ ራሳቸው። በአገሪቱ ከ30 የማያንሱ ባንኮች አሉ። ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በምክር ቤት ጸድቋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የመረጃና የቴክኖሎጂ ተደራሽነትን በግልጽ ይጠይቃል። የውጭ ባንክ ሲመጣ የተደራሽነት ፍተሻን ከአገሩ ለምዶ ይመጣል። የአገር ውስጡ ባንክ ያኔ «መተግበሪያችንን ማን ይፈትሽልን?» ሲል ወደ ውጭ አማካሪ ከመሮጡ በፊት፣ በአማርኛ የተፈተነ ዝርዝር የያዘ ሰው በሩ ላይ ቢቆም ይሻላል። ቁልፎቹን ስም ማውጣት ለፕሮግራም ሠሪው የቀናት ሥራ ነው፤ የጎደለው የትኞቹ እንደሆኑ የሚነግረው ሰው ነው። በእያንዳንዱ ማሻሻያ እንደገና መፈተሽ ስለሚያስፈልግም ክፍያው አንዴ ተከፍሎ አያልቅም።

ተጠቃሚና ከፋይ ሲለያዩ የሚመጣ ፈተና ግን አለ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ የመሠረተችው የማርያም ሳባ ፋብሪካ ታጥቦ የሚደጋገም የንጽሕና መጠበቂያ ሲሠራ፣ ያየው በየወሩ የሚጣለውን መግዛት የማይችሉትን የገጠር ልጃገረዶች ነበር። ትልልቆቹ አምራቾች ያልደረሱበትን ቡድን በትክክል ለየ። አብዛኛውን ምርቱን የሚገዙት ግን ልጃገረዶቹ ሳይሆኑ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሆኑ። ሥራው ትልቅ ነው፣ ፍሬወይኒም እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን ጀግና ተብላ ተመርጣለች። ነገር ግን ከፋዩ ሌላ ሲሆን የገበያው ዕጣ በከፋዩ በጀት ላይ ይንጠለጠላል። የዓለም ገናው ሱቅም ባንክ ከፋይ ሲያገኝ የመምህሩን 1,500 ብር መናቅ የለበትም። መምህሩ ካልተመለሰ ዝርዝሩ ያረጃል፤ ዝርዝሩ ካረጀ ባንኩም አይገዛም።

የመጨረሻው ክርክር የሥነ ምግባር ነው። «በአካል ጉዳተኛ ላይ ትርፍ? ይህ በነፃ መሰጠት ያለበት ነው» የሚሉ አሉ። በሐሳብ ደረጃ ልክ ናቸው፤ ባንኩ መተግበሪያውን ከመጀመሪያው አስተካክሎ መሥራት ነበረበት። በተግባር ግን በነፃ የሚሰጥ ሥልጠና ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ተቀባዩም ቅሬታ ለማቅረብ ያፍራል። የከፈለ ሰው «አልሠራልኝም፣ ገንዘቤን መልስ» ማለት ይችላል። ዓይነ ስውሩን መምህር እንደ ደንበኛ ማየት ማለት እንዲህ የማለት መብት መስጠት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ምጽዋት ሰጥተውት ይሆናል፤ ደንበኛ ብሎ ያከበረው ግን የለም።

ስለዚህ «ገበያ የለም» የሚለው ቃል ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባለው መንገድ ላይ ሲነገር ይመርመር። ቃሉን የሚናገረው ነጋዴ አጠገብ ያ መምህር ነጭ ዘንጉን ይዞ ያልፋል፤ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ፣ ስልኩ ውስጥ ደመወዙ አለ፣ የደመወዙ የይለፍ ቁጥር ደግሞ በጎረቤት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ነጋዴው ሃምሳኛውን ከቨር መስታወት ውስጥ እየደረደረ ስለሆነ አላየውም።